አንዲት የቡና ጠብታ ሁለት ጊዜ አትወድቅም

«ፎቶ አይዋሽም» ይባል ነበር ድሮ። ይህን ያለው ሰው ነቀምቴ መጥቶ እኔ አጠገብ ግማሽ ቀን ቢቀመጥ ኖሮ ቃሉን መልሶ በዋጠው ነበር። ፎቶ ቤት ውስጥ ስሠራ ዓመታት አስቆጥሬያለሁ። ኮት ለብሶ ለማያውቅ ጎረምሳ ኮትና ከረባት አልብሼ ጉርድ ፎቶ አውጥቻለሁ። ሠርግ ላይ ያልተገኘ አጎት ከሙሽሮቹ ጎን አቁሜያለሁ። ይህ ሁሉ ደንበኛ ወዶ ያዘዘው፣ ከፍሎ እየሳቀ የወሰደው ነው።

ዛሬ የማወጋችሁ ግን ሳያውቅ ስለሚከፍለው ሰው ነው። እቃው አዲስ አበባ ነው፣ ገዢው ወለጋ ነው፣ በመሃል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ደግሞ ስልክ ላይ የተላከ አንድ ፎቶ ብቻ። ገንዘቡ በሞባይል ለመሄድ ሰኮንድ አይፈጅበትም፤ ለመመለስ ግን ዕድሜ ልክ ይፈጅበታል። ለመሆኑ ያንን ፎቶ ማመን ወይም አለማመን በምን ይታወቃል?

ይኸውላችሁ፣ ነገሩን በአንድ ጉዳይ ላሳያችሁ። ጊዜው ጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ከኑኑ ቁምባ የመጣች አንዲት ወጣት ለንግድ ፈቃድ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ልትነሳ ወደ ቤታችን ጎራ አለች። ሐሳቧ ወረዳዋ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ መጀመር ነው። እቁቧ ወጥቶላታል። የቀራት ላፕቶፕ ብቻ ነው። እሱንም ቴሌግራም ላይ አግኝታዋለች፤ ያገለገለ ነው፣ ግን «እንደ አዲስ» ነው፣ ዋጋውም 21 ሺህ ብር። ሌላው ቦታ ያንኑ ዓይነት 30 ሺህ ነው የሚሉት። ሻጩ አዲስ አበባ መርካቶ አካባቢ ነኝ ብሏል። 6 ሺህ ብር ቀብድ ስትልክለት እቃውን በአውቶቡስ ይልክላታል።

«ጋሼ፣ አንተ የፎቶ ሰው አይደለህ? እስቲ እየው፣ እውነተኛ ይመስልሃል?» አለችና ስልኳን ዘረጋችልኝ።

ላፕቶፕ ነው። አበባ አበባ ያለበት የጠረጴዛ ላስቲክ ላይ ተቀምጧል። ጥሩ ፎቶ ነው። «ዛሬ ጠዋት ያነሳሁት ነው» ብሎ ጽፎላታል።

ፎቶው በሆዱ የያዘው

በዲጂታል ካሜራ ወይም በስልክ የተነሳ ፎቶ ከሚታየው ምስል በስተጀርባ ጽሑፍ ይዞ ይወለዳል። ሜታዳታ ይባላል። ፎቶው በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደተነሳ፣ በምን ዓይነት ስልክ፣ ስንት በስንት ስፋት እንዳለው፣ ሰውየው የስልኩን የቦታ መጠቆሚያ ለካሜራው ከፍቶለት ከሆነ ደግሞ የት ቆሞ እንዳነሳው ይመዘግባል። ይህ አጻጻፍ በ1995 እ.ኤ.አ. ጃፓኖች ያወጡት ደንብ ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ አብዛኛው ስልክ የሚሠራው በሱ ነው። ለማየት ቀላል ነው። ስልክ ላይ ፎቶውን ከፍታችሁ ወደ ላይ ገፋ ስታደርጉት ወይም `Details` የሚለውን ስትነኩ ይመጣል። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርጎ `Properties` ከዚያ `Details` ማለት ነው።

ይህች ትንሽ ጽሑፍ ትልቅ ሰው ጉድ አድርጋለች። በ2012 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ቫይረስ መከላከያ በመሥራት ስሙ የገነነ አንድ ባለጸጋ፣ ጎረቤቱ ተገድሎ ስለተገኘ ቤሊዝ በምትባል አገር ፖሊስ ለጥያቄ ይፈልገው ነበር። እሱ ተደብቋል። አብረውት የሚጓዙ ጋዜጠኞች ፎቶውን አነሱና በድረ ገጻቸው ለጠፉት። ፎቶው ሆድ ውስጥ ግን የቦታው ቁጥር ነበር፤ ጓቲማላ ውስጥ መሆኑ ታወቀ። እሱም «ቁጥሩን ሆን ብዬ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለ። ብዙም ሳይቆይ ግን እዚያው ጓቲማላ መሆኑን አመነ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ያዙ፤ ጽሑፉ እውነት ሊናገር ይችላል፣ ጽሑፉን ደግሞ ማሳሳት ይቻላል። ማሳሳት ባይቻል ኖሮማ ሰውየው ያንን ምክንያት ማን ይሰማልኛል ብሎ ያቀርበው ነበር?

ወደ ልጅቷ ስልክ እንመለስ። የተላከላትን ፎቶ ከፍቼ ሜታዳታውን አየሁ። ባዶ ነው። «በቃ ሌባ ነው ማለት ነው?» አለች። አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቴሌግራምም ሆነ ዋትሳፕ ምስልን እንደ ፎቶ ሲያስተላልፉ ጨምቀው ያሳንሱታል፤ ሲያሳንሱት ደግሞ ያ ጽሑፍ ይወልቃል። ስለዚህ እንደ ፎቶ ተልኮ ባዶ መሆኑ የሻጩን ሌብነት አይናገርም፤ የተላከበትን መንገድ ብቻ ነው የሚናገረው።

መፍትሔው ሻጩ ምስሉን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልከው መጠየቅ ነው። ቴሌግራም ላይ የማያያዣውን ምልክት ነክቶ `File` የሚለውን ይመርጣል፤ ያን ጊዜ ምስሉ ሳይጨመቅ እንዳለ ይመጣል። ልጅቷ ጻፈችለት። ሻጩም አላንገራገረም፤ ሁለት ፋይል ላከ። የአንደኛው ስም ይህ ነበር፦

```
photo_2023-08-19_10-41-07.jpg
1280 x 960
```

አሁንም ሌላው ሁሉ ባዶ ነው። ግን ስሙን ተመልከቱት። ይህ ካሜራ የሚያወጣው ስም አይደለም። ኮምፒውተር ላይ ያለው ቴሌግራም፣ ከቴሌግራም ላይ ፎቶ ስታወርዱ እሱ ራሱ የሚሰጠው ስም ነው። መሃል ላይ ያለው ቁጥር ቀን ነው፤ ነሐሴ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ስፋቱም ያንኑ ይናገራል። የዛሬ ስልክ የሚያነሳው ፎቶ ርዝመቱ በሺዎች የሚቆጠር ነጥብ ነው፤ 1280 ግን ቴሌግራም ፎቶን ሲጨምቅ ረዥሙን ጎን የሚያወርድበት የተለመደ ልክ ነው። በዋትሳፕ ያለፈ ቢሆን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስሙ ውስጥ `WA` የሚል ፊደል ታገኙ ነበር።

እንግዲህ «ዛሬ ጠዋት ያነሳሁት» የተባለው ፎቶ፣ ስሙ እንደሚለው ከሆነ፣ ከአንድ ዓመት ከአምስት ወር በፊት በቴሌግራም አልፏል ማለት ነው። እንደሚለው ከሆነ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የፋይል ስም ማንም ሰው በሁለት ጣቱ ይለውጠዋል። ስለዚህ ጥርጣሬ አገኘን እንጂ ፍርድ አላገኘንም። ታማኝ ሰውም የራሱን የድሮ ፎቶ ከራሱ ቻናል አውርዶ ሊልክ ይችላል።

የላስቲኩ ምስክርነት

አሁን ጽሑፉን ትተን ወደ ምስሉ ገባን። እዚህ እንኳ ሙያዬ ነው።

ፎቶ ላይ ያለ አንድን ነገር ማጥፋት ስንፈልግ የምንጠቀምበት መሣሪያ አለ። ክሎን እንለዋለን። ሥራው ቀላል ነው፤ ከአጠገቡ ያለውን ንጹሕ ቦታ ቀድቶ በማይፈለገው ነገር ላይ ይለጥፋል። ግድግዳ ላይ ያለ ስንጥቅ በዚህ ይጠፋል። ባለ አንድ ቀለም ቦታ ላይ ከሆነ ሰይጣንም አያገኘው። አበባ አበባ ባለበት ላስቲክ ላይ ሲሆን ግን ችግር አለ፤ የተቀዳው ነገር ቅጂ መሆኑን ይዞ ይመጣል።

ምስሉን አጎላሁትና ከታች በቀኝ በኩል ያለውን ጥግ ቀስ ብዬ አየሁ። ላስቲኩ ላይ ከአንዲት አበባ አጠገብ የደረቀች የቡና ጠብታ አለች። ቅርጿ እንደ ኮማ ነው፤ ጅራት አላት። ከሷ ሁለት ጣት ያህል ወደ ቀኝ ደግሞ ሌላ የቡና ጠብታ አለች። እሷም እንደ ኮማ ናት። እሷም ጅራት አላት። ጅራቷም በዚያው አቅጣጫ ዞሯል።

አበባ ሊደጋገም ይችላል፤ ፋብሪካ ያተመው ነው። ቡና ግን ፋብሪካ አላተመውም። አንዲት የቡና ጠብታ ያንኑ ቅርጽ ይዛ ሁለት ጊዜ አትወድቅም። ስለዚህ የፎቶውን ጥግ አንድ ሰው ነክቶታል፤ እዚያ ላይ የነበረ ነገር በላስቲክ ተሸፍኗል። ምን ነበር? ይህንን ጠብታዋ አትነግረንም። ነገር ግን የሻጮች ፎቶ ጥግ ላይ ብዙ ጊዜ ምን እንደሚጻፍ ቴሌግራም የምትከታተሉ ሁሉ ታውቃላችሁ፤ የሱቅ ስምና ስልክ ቁጥር።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ምስሉን አስገቡልኝና የተነካካውን ቦታ በቀለም አሳያችኋለሁ የሚሉ ድረ ገጾች አሉ። የሚሠሩት፣ የተነካው ቦታና ያልተነካው ቦታ የተጨመቁበት ልክ ይለያያል በሚል ሐሳብ ነው። በቴሌግራም ያለፈ ፎቶ ግን እንዳለ አንድ ላይ እንደገና ስለተጨመቀ ያ ልዩነት አብዛኛው ጠፍቷል። የሚያበራውን ቀለም አይታችሁ ሰው አትወንጅሉ። አጉልቶ በዓይን ማየት ይሻላል፤ የሚደጋገም ነገር፣ ጥላ የሌለው እቃ፣ በድንገት የሚደበዝዝ ጥግ፣ ቀጥ ማለት ሲገባው የጎበጠ የጠረጴዛ ጠርዝ።

ሁሉም ነገር ትክክል ሲሆን

ልጅቷ ለሻጩ «ወንድሜ፣ ይህ ፎቶ የቆየ ነው። በስልክህ አሁን አንስተህ በፋይል ላክልኝ» ብላ ጻፈችለት። እኔ ከዚህ በኋላ ይጠፋል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ሰውየው ግን አልጠፋም። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንድ ፋይል መጣ። ሜታዳታውን ከፈትነው፦

```
IMG_20250123_043112.jpg
DateTimeOriginal  2025:01:23 04:31:12
GPS               9.03, 38.74
```

የስልኩ ስምም ተጽፏል። ስፋቱም የሙሉ ካሜራ ስፋት ነው። ልጅቷ ግን ሰዓቱን አየችና «ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው ያነሳው! ይኸው ዋሸ!» አለች።

አልዋሸም። ይህ የአገራችን ጉድ ነው። ሜታዳታው በፈረንጅ ቀን ነው የሚጻፈው፤ ሰዓቱን ግን ከስልኩ ላይ ነው የሚገለብጠው። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት የተሞላ ከሆነ ከቀኑ 4፡31 ማለት 10:31 ተብሎ ይጻፋል። እኛ ዘንድ ግን ስልኩን በሐበሻ ሰዓት የሞላ ሰው ሞልቷል። የሱ ስልክ 4፡31ን 04:31 ብሎ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ የስድስት ሰዓት ልዩነት ስታዩ ወዲያው «ውሸት!» አትበሉ። እኛ ስናየው ግድግዳዬ ላይ ያለው ሰዓት ከረፋዱ 4፡40 ሆኗል። ቀኑም ጥር 15 ነው፤ ይስማማል።

ቀጥሎ የቦታው ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ያለውን ርቀት ይናገራል፤ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ያለውን። ነቀምቴና አዲስ አበባ በሰሜን በኩል እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም 9 ነጥብ ዜሮ ምናምን ናቸው። ስለዚህ እኛ ወለጋዎች የመጀመሪያውን ቁጥር አይተን ብቻ እቃው እዚሁ ነው ወይስ እዚያ ማለት አንችልም። የሚለየን ሁለተኛው ነው። ነቀምቴ 36 ተኩል አካባቢ ናት፤ አዲስ አበባ 38 ከሦስት አራተኛ አካባቢ። የሰውየው 38.74 ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ካርታ ላይ ስንጽፋቸው መርካቶ አካባቢ ወደቁ።

እናላችሁ፣ ቀኑ ትክክል። ሰዓቱ ትክክል። ቦታው ትክክል። «ጋሼ፣ ይኸው እኮ! ሁሉም ልክ ነው። ልላክለት?» አለች። ጣቷ ቴሌብር ላይ ነበር።

እኔ ግን ሜታዳታውን ዘግቼ ፎቶውን አጎላሁት። ላፕቶፑ አለ። የጠረጴዛው ላስቲክ አለ። ላስቲኩ ላይ ደግሞ እንደ ቀስተ ደመና የቀለመ፣ እንደ ውኃ ሞገድ የተጠማዘዘ ቀጭን ቀጭን መስመር ተጋድሟል። ከግራ በኩል የመብራት ነጸብራቅ አለ፤ ያ ነጸብራቅ ከላስቲኩ ተነስቶ በላፕቶፑ ላይ አልፎ ወደ ግድግዳው ይወጣል፣ ሦስቱ አንድ መስታወት የሆኑ ይመስል። ወደ ታች ወደ ቀኝ ጥግ ሄድኩ። ሁለቱ የቡና ጠብታዎች እዚያው ተቀምጠው ያዩኛል።

ሰውየው ምን አደረገ መሰላችሁ? የድሮውን ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተና የኮምፒውተሩን ስክሪን በስልኩ ፎቶ አነሳው! ስልኩ ደግሞ ምን ያውቃል? ዛሬ፣ በዚህ ሰዓት፣ መርካቶ፣ ፎቶ አንስቻለሁ ብሎ መዘገበ። እውነቱን ነው። ሜታዳታው አንድም ቃል አልዋሸም። የዋሸው ከፊቱ የቆመው ነገር ነው።

ሞገዱም የሚመጣው ከዚህ ነው። ስክሪን የተሠራው በረድፍ ከተሰለፉ ጥቃቅን ነጥቦች ነው፤ የስልኩ ካሜራም እንዲሁ። ሁለት ወንፊት አንዱን በአንዱ ላይ ደርባችሁ ወደ ብርሃን ብታዩ ያልነበረ ጥለት ይታያችኋል አይደል? እሱ ነው። ነገር ግን ሞገዱ ሁልጊዜ አይታይም፤ ከራቅ ብሎ ወይም ትንሽ አደብዝዞ ካነሳው ሊጠፋ ይችላል። ያን ጊዜ የሚያጋልጠው ነጸብራቁ ነው፤ በተለያየ ርቀት ላይ ያሉ ነገሮች ላይ ሁሉ አንድ ወጥ ሆኖ የሚያልፍ ብርሃን።

ከዚህ በኋላ ዋናውን ፎቶ ፍለጋ ገባን። መጀመሪያ ምስሉን ጎግል ላይ አስገብተን ፈለግን። ምንም አልተገኘም። ይህም ነጻ አያወጣውም፤ ቴሌግራም ቻናሎች ውስጥ ያለውን አብዛኛውን ፎቶ ጎግል አያየውም። ከዚያ ያቺ የፋይል ስም ትዝ አለችኝ። ቴሌግራም ላይ ቻናል ውስጥ የቀኑን ጽሑፍ ስትነኩ የቀን መቁጠሪያ ይከፈታል፤ ወደፈለጋችሁት ዕለት መዝለል ትችላላችሁ። ላፕቶፕ የሚሸጥባቸውን ቻናሎች እየከፈትን ወደ 2023 ኦገስት 19 ዘለልን። ሦስተኛው ላይ ተገኘ! ያው ላፕቶፕ፣ ያው ላስቲክ፣ አንዲት የቡና ጠብታ ብቻ። ሁለተኛዋ ጠብታ በነበረችበት ቦታ ላይ የሌላ ሻጭ ስልክ ቁጥር ተጽፏል። እቃው ከተሸጠ ቆይቷል።

ባዶ ፎቶ የላከችው ሻጭ

ልጅቷ አንድ ቀን አዝና ዋለች። ከዚያ ሌላ አገኘች። ይቺኛዋ ሻጭ እዚሁ ነቀምቴ ያለች፣ ትምህርቷን የጨረሰች ወጣት ናት፤ ዋጋው 27 ሺህ ነው። ፎቶው የተነሳው በምሽት አምፖል ነው፣ ጨልሟል፣ ሜታዳታው ደግሞ ባዶ። በፋይል ላኪው ስትባል «እሱን አላውቅበትም» አለች።

በመዝገቡ ብቻ ብንፈርድ ያኛውን አምነን ይቺን እንጥላት ነበር። ፎቶ ባዶ የሚሆንበት ብዙ ንጹሕ ምክንያት አለ። በዋትሳፕ ተቀብላው ሊሆን ይችላል። ስክሪንሾት ሊሆን ይችላል። ቦታው ደግሞ ባይኖር እንኳን ደስ ያለው ነው፤ ሴት ልጅ ብቻዋን በምትኖርበት ቤት ያነሳችውን ፎቶ ከነቤቷ አድራሻ ለማታውቀው ሰው ለምን ትልካለች? እናንተም የራሳችሁን እቃ ስትሸጡ የካሜራችሁን የቦታ መጠቆሚያ አጥፉት።

ሙሉ የሆነ ሜታዳታም ቢሆን ምስክር አይሆንም። ቀኑን መለወጥ ይህችን አንዲት መስመር ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ነው፦

```
exiftool -AllDates="2025:01:23 10:30:00" laptop.jpg
```

አለቀ። የፈለጋችሁት ፎቶ የፈለጋችሁት ቀን ተነሳ ማለት ነው። ስለዚህ መዝገቡን እንዲህ ያዙት፤ ከሻጩ ቃል ጋር ሲጣላ ጥያቄ እንድትጠይቁ ያነቃችኋል፣ ሲስማማ ግን ገንዘብ አያስልክም።

ታዲያ ገንዘብ የሚያስልከው ምንድን ነው? ሻጩ አስቀድሞ ሊያዘጋጀው የማይችለውን ፎቶ እናንተ ማዘዝ ነው። ልጅቷን እንዲህ ብለሽ ጻፊ አልኳት፦ «እህቴ፣ ወረቀት ላይ የዛሬውን ቀንና "ቡና" የሚል ቃል በእስክሪብቶ ጻፊ። ወረቀቱን ጨምድደሽ መልሰሽ ዘርጊው። የላፕቶፑ ፊደሎች ላይ ግማሹን ሸፍኖ አስቀምጪና አንሺው።» ቃሉን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ ድሮ የተነሳ ፎቶ ላይ አይገኝም። መጨማደዱም ለቀልድ አይደለም። በለሰለሰ ነጭ ወረቀት ላይ ጽሑፍ ማስገባት ለኔ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ በተጨማደደ ወረቀት ላይ ግን እያንዳንዷ ፊደል እጥፋቱን ተከትላ መሰበር አለባት፣ ወረቀቱም ከሥሩ ባሉት ፊደሎች ላይ የራሱን ጥላ መጣል አለበት። ያ ረዥም ሥራ ነው፤ ሻጩ ያለው ጊዜ ደግሞ አጭር ነው።

ሻጯ በ20 ደቂቃ ውስጥ ላከች። ወረቀቱ አለ፣ ቃሉ አለ፣ የእጥፋቱ ጥላ ቁልፎቹ ላይ ወድቋል። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ፎቶ ላይ በጨለማ ያልታየ ነገር ታየ፤ የስክሪኑ ማጠፊያ በግራ በኩል ተሰንጥቋል። ልጅቷ በቪዲዮ ደወለች፣ «እስቲ ገልብጠሽ አሳዪኝ፣ ክፈቺው፣ ዝጊው» አለቻት፤ እሷም አንድ በአንድ አሳየቻት። ስንጥቁንም ደበቅሁ አላለችም፣ «አዎ፣ ባለፈው ክረምት ወድቆብኝ ነው» አለች። በ25 ሺህ ተስማሙ።

ይህ ሁሉ ሆኖም ቀብድ አልተላከም። ምክንያቱም የተሳካ ፎቶ የሚያረጋግጠው እቃው በሻጩ እጅ መኖሩን ብቻ ነው። ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ አይናገርም። የተሰረቀ እቃ አለመሆኑንም አይናገርም። ገንዘቡ ከደረሰ በኋላ እቃው ለመላኩም ዋስ አይሆንም። ስለዚህ ሁለቱ ነቀምቴ ላይ በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ሻይ ቤት ተገናኙ። ላፕቶፑ ከሶኬት ተነቅሎ አንድ ሰዓት በባትሪው ሠራ፣ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ተላከ።

በነገራችን ላይ ለመርካቶውም ሰው ያንኑ መልእክት ልካለት ነበር፤ የተጨማደደ ወረቀት፣ ቀኑና «ቡና» የሚለው ቃል። «እህት፣ አታምኚኝም ማለት ነው? ሌላ ገዢ ቆሞ እየጠበቀ ነው» ብሎ መለሰ። ብእርና ወረቀት ለማግኘት ከምን ጊዜ ወዲህ ነው መርካቶ ላይ የሚቸገሩት? ትንሽ ቆይቶ ስሟን ዘግቶ ጠፋ።

እናንተም እቃው ርቆ፣ ዋጋው ረክሶ፣ ሻጩ ሲያጣድፋችሁ ያቺን መልእክት ላኩ። ቃሉን ግን ለውጡት፤ ይህን ጽሑፍ ቁጭ በሉዎቹም ያነቡታልና።